የስሪዲ ገጸ ባሕርይ ቡና ስትቀዳ የእጅ አንጓዋ ለምን ይቀጥናል?

ከጀበና ቡና ሲቀዳ ዋናው ሥራ የክንድ ነው። ጀበናው ሲነሣ አውራ ጣት ወደ ላይ ያያል። ከዚያ ክንድ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ መዳፍ ወደ መሬት ይመለሳል፣ ቡናው ስኒው ውስጥ ይወርዳል። ጅማ ተቀምጦ የአካባቢውን ኑሮ በስሪዲ አኒሜሽን ለማሳየት የተነሣ ሰው ይዋል ይደር እንጂ እዚህ ትዕይንት ላይ መድረሱ አይቀርም። እዚያ ሲደርስ ደግሞ አንድ ችግር ይገጥመዋል። ገጸ ባሕሪዋ እጇን ስታዞር አንጓዋ መሃሉ ላይ ተጨምቆ ይቀጥናል። ሁለት ጫፉ እንደተጠመዘዘ የከረሜላ ወረቀት ይሆናል። በሙያው ያሉ ሰዎችም ካንዲ ራፐር የሚሉት ይህንኑ ነው።

ብዙዎች ይህን ሲያዩ መጀመሪያ የሚያደርጉት ብሩሹን አንስቶ ዌይት፣ ማለትም ቆዳው አጥንቱን የሚከተልበትን መጠን፣ መቀባት ነው። ቀኑን ሙሉ ይቀባሉ። ቅጥነቱ ወደ ክርን ይሸሻል፣ ወደ መዳፍ ይመለሳል፣ እንጂ አይጠፋም። እኔ እዚህ ላይ ማስረዳት የምፈልገው ለምን እንደማይጠፋ፣ በእርግጥ የሚያጠፋው ምን እንደሆነ፣ ዱዋል ኳተርኒየን የሚባለው ዘዴም እስከ የት እንደሚያዋጣ ነው። ምሳሌዎቼ ብሌንደር በሚባለው የስሪዲ ፕሮግራም ናቸው፤ ነፃ ስለሆነ አብዛኛው ጀማሪ እጁ ላይ ያለው እሱ ነው።

መሠረቱን ቶሎ እንለፈው። የስሪዲ ገጸ ባሕርይ ሁለት ነገር አላት። አንዱ ቆዳዋ ነው፤ በብዙ ነጥቦች የተሠራ ሜሽ። ሌላው ውስጧ የሚገባው የአጥንት ሰንሰለት ነው። አኒሜተሩ የሚያንቀሳቅሰው አጥንቱን ነው፣ ቆዳው ደግሞ አጥንቱን ይከተላል። ቆዳውን ከአጥንቱ ጋር የማሰሩ ሥራ ስኪኒንግ ይባላል። ማሰሪያው ዌይት ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ የትኛውን አጥንት በምን ያህል መጠን እንደሚሰማ የሚናገር ከ0 እስከ 1 ያለ ቁጥር። መዳፍ መሃል ያለ ነጥብ የእጁን አጥንት በ1 ይሰማል። ክንድ መሃል ያለው የክንዱን አጥንት በ1 ይሰማል። አንጓው ላይ ያለው ሁለቱንም እኩል፣ 0.5 እና 0.5 ይሰማል። ችግሩ የሚፈጠረው እዚያ ነው።

ነጥቡ የት ገባ?

በብዛት የሚሠራበት ስሌት ሊኒየር ብሌንድ ስኪኒንግ ይባላል። አሠራሩ ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ ነጥቡን መጀመሪያ በክንዱ አጥንት ብቻ ያንቀሳቅሰውና የት እንደደረሰ ይይዛል። ቀጥሎ ያንኑ ነጥብ በእጁ አጥንት ብቻ ያንቀሳቅሰውና የደረሰበትን ይይዛል። በመጨረሻ የሁለቱን ቦታዎች አማካይ በዌይታቸው መጠን ይወስዳል።

```
v' = w1·M1·v + w2·M2·v
```

v ነጥቡ ነው፣ M1 እና M2 የሁለቱ አጥንቶች እንቅስቃሴ ናቸው፣ w1 እና w2 ዌይቶቹ ናቸው። ከዚህ በላይ ምንም የለውም። ፈጣን ነው፣ ለስልክም አይከብድም፣ ጌም ኢንጅኖች ሁሉ ያውቁታል።

አሁን ቁጥር እናስገባበት። አንጓው ክብ ነው እንበል፤ ከመሃሉ እስከ ቆዳው 3 ሴንቲ ሜትር። ከክቡ አናት ላይ አንድ ነጥብ እንያዝ። የአንጓውን መሃል ዜሮ ካልነው ነጥቡ ያለው (0, 3) ላይ ነው፤ ወደ ጎን ዜሮ፣ ወደ ላይ 3። ቡና ለመቅዳት እጁ 90 ዲግሪ ዞረ። የክንዱ አጥንት አልዞረም፣ ስለዚህ በእሱ ስሌት ነጥቡ (0, 3) ላይ እንዳለ ነው። የእጁ አጥንት ግን ዞሯል፣ በእሱ ስሌት ነጥቡ (3, 0) ላይ ደርሷል። ዌይቱ እኩል ስለሆነ አማካዩ (1.5, 1.5) ይሆናል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። (0, 3) ከመሃሉ 3 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። (3, 0) እንዲሁ። አማካዩ ግን ከመሃሉ የሚርቀው 2.1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሁለቱ ቦታዎች ክቡ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው የተሰመረው ቀጥታ መስመር ግን ክቡን አቋርጦ በውስጡ ያልፋል። ነጥባችን ያረፈው እዚያ ቀጥታ መስመር ላይ ነው። በዙሪያው ያሉት ነጥቦች ሁሉ ተመሳሳይ ነገር ስለሚደርስባቸው ክቡ በሙሉ ይጠባል። በ0.5 ዌይት ከመሃሉ እስከ ቆዳው የሚቀረው ርቀት ይህ ነው፦

```
r' = r · cos(θ/2)
```

r የቀድሞው ርቀት ነው፣ r' አሁን የቀረው ነው፣ θ እጁ የዞረበት ዲግሪ ነው። በ30 ዲግሪ 97 ፐርሰንት ይቀራል፤ ማንም አያየውም። በ90 ዲግሪ 71 ፐርሰንት ይቀራል። ይህ ሲባል የአንጓው ቁርጥ ስፋት በግማሽ ወርዷል ማለት ነው፤ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። በ120 ዲግሪ ግማሽ ውፍረት ይቀራል። በ180 ዲግሪ ምንም አይቀርም። (0, 3) እና (0, -3) አማካያቸው ዜሮ ነው፤ አንጓው በአንዲት ነጥብ ላይ ይሰበሰባል።

ስለዚህ ካንዲ ራፐር የቀቢው ጥፋት አይደለም። ዌይቱ በጣም በጥንቃቄ የተቀባ ቢሆንም ይመጣል። ስሌቱ ራሱ የሚያመጣው ነው።

ብሩሹ ለምን አይረዳም?

አንድ ሰው እንዲህ ሊል ይችላል፤ ታዲያ 0.5 የሚባለውን ዌይት ባልጠቀምስ? መሸጋገሪያውን ረዥም ባደርገው፣ ወይም ጭራሽ ባጠፋው?

ረዥም እናድርገው። ከአንጓው ጀምሮ እስከ ክንዱ አጋማሽ ድረስ ዌይቱ ቀስ እያለ ይቀንስ። ጭመቃው አሁን በረዥም ቦታ ላይ ተሰራጭቷል፣ ለስለስ ብሎም ይታያል። ነገር ግን ከ1 ወደ 0 የሚሄድ ነገር መሃል ላይ 0.5ን ማለፉ ግድ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ያው 71 ፐርሰንት ይጠብቀናል። ከዚህ የከፋው ደግሞ፣ እጁ ወደ ታች ሲታጠፍ የክንዱ ግማሽ አብሮ ይታጠፋል፤ አጥንት የሌለው ይመስላል።

እሺ፣ መሸጋገሪያውን እናጥፋው። አንዱ የነጥቦች ቀለበት ሙሉ በሙሉ የክንዱ፣ ቀጣዩ ቀለበት ሙሉ በሙሉ የእጁ ይሁን። አሁን የትኛውም ነጥብ ከክቡ አልገባም። ሆኖም ሁለቱን ቀለበቶች የሚያገናኙት ጠርዞች ቀጥ ያሉ መስመሮች ናቸው። አንዱ ቀለበት ሲዞርና ሌላው ሲቆም ጠርዞቹ ይጋደማሉ፣ መካከላቸውም ወደ ውስጥ ይገባል። በስንት? በዚያው በ71 ፐርሰንት። ቀድሞ ነጥቦቹ ላይ የነበረው ጭመቃ አሁን ጠርዞቹ ላይ ሄደ፣ ከዚያም ሹል ሆነ። ሁለት አጥንት ብቻ እስካለ ድረስ ብሩሹ ጭመቃውን ቦታ ያስቀይረዋል እንጂ አይቀንሰውም። ይህን አንድ ጊዜ የተረዳ ሰው ብዙ ሰዓት ያተርፋል።

እርግጥ የዌይት ስሕተት ራሱን የቻለ ችግር ነው፣ ሁለቱን መለየትም አይከብድም። እጁን ብቻ ይዛችሁ በ30፣ በ60 እና በ90 ዲግሪ አዙሩት። ቅጥነቱ ዙሪያውን እኩል ከሆነ፣ በ30 የማይታይ ከሆነና ዲግሪው ሲጨምር ካደገ፣ የስሌቱ ነው። በአንድ ጎን ብቻ ከገባ፣ አንድ ነጥብ ብቻውን ወደኋላ ከቀረ፣ ወይም ገና በ30 ዲግሪ ቆዳው ከተቆራረጠ፣ የዌይት ነው። ሁለተኛ መፈተኛ፤ ጣቶችን አንድ በአንድ እጠፉ። ትንሿ ጣት ስትታጠፍ አንጓው ከተነቃነቀ፣ በራስ ሰር የተሰጠው ዌይት የጣቷን ቁጥር ክንዱ ላይ በትኖታል ማለት ነው። ይህ በብሩሽ ይድናል። ጣቷን ከአንጓው ላይ በ0 ቀቡ፤ በዌይት ፔይንት ጊዜ Auto Normalize ተመርጦ ከሆነ የቀረው ዌይት ለሌሎቹ አጥንቶች ራሱ ይከፋፈላል።

በነገራችን ላይ፣ ብሌንደር የዌይቱ ድምር 1 ባይሆንም እንኳ ሲያሰላ ራሱ በድምሩ ያካፍለዋል። ስለዚህ የድምር ስሕተት ብሌንደር ውስጥ ተደብቆ ሌላ ቦታ ሊወጣ ይችላል። ፋይሉን ከማውጣታችሁ በፊት ከ Weights ማውጫ ውስጥ Normalize All ማለት ይህን ይዘጋዋል።

ጠመዘዛውን ማከፋፈል

መድኃኒቱ ራሳችን ክንድ ውስጥ አለ። ክርናችሁን ጠረጴዛ ላይ አሳርፉና እጃችሁን አዙሩ። የክርኑ አጥንት አይዞርም። አንጓው ሙሉ በሙሉ ይዞራል። በመካከል ያለው ቆዳ ወደ አንጓው በቀረበ ቁጥር የበለጠ ይዞራል። ምክንያቱም ክንድ ውስጥ ያሉት ሁለት አጥንቶች ናቸው፤ በአውራ ጣት በኩል ያለው በትንሿ ጣት በኩል ያለውን እየተሻገረ ይዞራል። ጠመዘዛው በክንዱ ርዝመት ሙሉ የተሰራጨ እንጂ አንጓው ላይ የተከማቸ አይደለም። እኛ ግን ክንዱን አንድ አጥንት ብቻ ሰጠነውና ዙረቱን ሁሉ አንጓው ላይ ከመርንበት።

ስለዚህ ጠማዛዥ አጥንቶች እንጨምር። የገጸ ባሕሪያችን ክንድ ከክርን እስከ አንጓ 24 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። የክንዱን አጥንት forearm.R፣ የእጁን hand.R ብለነዋል። የክንዱን አጥንት ሦስት ጊዜ በ Shift+D አባዝተን አሳጥረን፣ በ8፣ በ16 እና በ24 ሴንቲ ሜትር ላይ እናስቀምጣቸው። ስማቸው twist_1.R፣ twist_2.R እና twist_3.R ይሁን። ሦስቱም የ forearm.R ልጆች ይሁኑ፤ በ Ctrl+P ውስጥ Keep Offset የሚለውን እንምረጥ። አቅጣጫቸውና Roll ቁጥራቸው ከክንዱም ከእጁም ጋር አንድ መሆን አለበት። እጁም በመነሻው አቋም ከክንዱ ጋር ቀጥ ያለ ይሁን፤ አለበለዚያ የእጁ ዙረት ከክንዱ ዙረት ጋር በአንድ ዘንግ ላይ አይሆንም።

ቀጥሎ ለእያንዳንዳቸው Copy Rotation የሚባለውን ኮንስትሬይንት፣ አጥንቱ የሌላውን አጥንት ዙረት እንዲከተል የሚያስረውን ደንብ፣ እንስጥ። ዒላማው hand.R ነው። ከዘንጎቹ Y ብቻ ይመረጥ፤ በብሌንደር Y በአጥንቱ ርዝመት የሚሄደው ዘንግ ነው። Target እና Owner ሁለቱም Local Space ይሁኑ። Influence ለ twist_1.R 0.333፣ ለ twist_2.R 0.667፣ ለ twist_3.R 1። አሁን እጁ 90 ዲግሪ ሲዞር ክርኑ በ0 ይቆማል፣ ሦስቱ አጥንቶች በ30፣ በ60 እና በ90 ዲግሪ ይከተላሉ።

ሦስተኛው አጥንት ለምን አስፈለገ? ሁለት ብቻ አድርጎ ቀጥታ ከ60 ዲግሪ ወደ እጁ መሻገር ይቻል ነበር። ነገር ግን ያኔ የእጁ ዌይት ከአንጓው አልፎ ወደ ክንዱ መግባት ይኖርበታል። እጁ ሲታጠፍ ክንዱ አብሮ ይጎብጣል። twist_3.R የእጁን ዙረት ሙሉ በሙሉ ይወስዳል፣ መታጠፉን ግን አይወስድም። ስለዚህ በእሱና በእጁ መካከል የሚቀረው መታጠፍ ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ አጭር መሸጋገሪያ ይበቃዋል።

ዌይቱን እዚህ በብሩሽ ከመቀባት ቁጥሩን መጻፍ ይሻላል፤ ክንድ ንጹሕ ቀለበቶች ካሉት ሥራው የደቂቃዎች ነው። በ Edit Mode ቀለበቱን በ Alt ይዞ መምረጥ፣ ከ Vertex Groups ውስጥ አጥንቱን መምረጥ፣ ቁጥሩን ጽፎ Assign ማለት። ክርኑ አጠገብ forearm.R 1። 4 ሴንቲ ሜትር ላይ forearm.R 0.5 እና twist_1.R 0.5። 8 ላይ twist_1.R 1። 12 ላይ twist_1.R እና twist_2.R እኩል በእኩል። እንዲህ እያለ 24 ላይ twist_3.R 1 ይደርሳል። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ Assign የመረጣችሁትን አጥንት ብቻ ነው የሚነካው። ቀድሞ እዚያ ቀለበት ላይ የነበረውን የሌላ አጥንት ዌይት በ Remove ማንሣት አለባችሁ፤ አለበለዚያ አሮጌው hand.R ተደብቆ ይቀራል።

አሁን ስሌቱን እንድገመው። የትኛውም ቀለበት የሚሰማቸው ሁለት አጥንቶች በመካከላቸው ያለው ልዩነት 30 ዲግሪ ብቻ ነው። በ30 ዲግሪ 97 ፐርሰንት ይቀራል ብለናል። 3 ሴንቲ ሜትር የነበረው አሁን 2.9 ነው። በዚያው በሊኒየር ስሌት፣ ምንም ሳንቀይርበት፣ ጭመቃው ከዓይን ጠፋ።

ሌላም ጥቅም አለው። ገጸ ባሕሪዋ እጅጌው ላይ ጥበብ ያለው የሐበሻ ቀሚስ ከለበሰች፣ ጠመዘዛው አንጓ ላይ ሲከማች የጥበቡ መስመር በሁለት ጣት ስፋት ውስጥ ተወላግዶ ይተኛል። ሲሰራጭ ግን መስመሩ በክንዱ ርዝመት ቀስ ብሎ ይዞራል፤ እውነተኛ ጨርቅ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

ይህ አሠራር የሚሰናከልበት ቦታም አለ። እጁ በጣም ታጥፎ ሳለ ደግሞ ሲዞር፣ Copy Rotation የ Y ዙረትን ከመታጠፉ በትክክል ለይቶ አያነብም፤ ጠማዛዦቹ ያለቦታቸው ይንቀጠቀጣሉ። ይህ ሲታይ ኮንስትሬይንቱን ትቶ ድራይቨር፣ አንዱን ቁጥር ከሌላው እያነበበ የሚያሰላውን መሣሪያ፣ መጠቀም ነው። የድራይቨሩ ተለዋዋጭ የእጁን ዙረት በ Swing and Y Twist እንዲያነብ ይደረጋል፤ እሱ መታጠፉን ለብቻ፣ ጠመዘዛውን ለብቻ ይከፍላል።

ሞዴሉ የቆመበት መነሻ አቋምም ብዙ ይወስናል። ክንዱን ከጎኗ አድርጋችሁ ክርኗን ብታጥፉት አውራ ጣቷ ወደ ላይ የሚያይ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ክንዱ ዙረቱ መሃል ላይ ነው ያለው። የሰው ክንድ ከዚያ ወደ አንዱም ወደ ሌላውም ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ገደማ ይዞራል። መነሻው አንዱ ጫፍ ላይ ከሆነ ግን ወደ ሌላው ለመድረስ ከ160 ዲግሪ በላይ ይጓዛል፣ ሦስቱም አጥንቶች የሚሸከሙት ጭነት በእጥፍ ያድጋል።

ዱዋል ኳተርኒየን ምን ይለውጣል?

አሁን ወደ ስሌቱ ራሱ እንመለስ። ሊኒየሩ ስሌት አማካይ የሚያደርገው የደረሱበትን ቦታ ነው። ቦታውን ትተን እንቅስቃሴውን ራሱን አማካይ ብናደርገውስ? ያልዞረ አጥንትና 90 ዲግሪ የዞረ አጥንት እኩል ሲደባለቁ 45 ዲግሪ የዞረ እንቅስቃሴ ይሁኑ። ነጥባችን ከ(0, 3) ተነስቶ 45 ዲግሪ ዞሮ (2.1, 2.1) ላይ ያርፋል። ከመሃሉ ያለው ርቀት? 3 ሴንቲ ሜትር። በክቡ ላይ ሄደ እንጂ ክቡን አላቋረጠም። ሐሳቡ ይኸው ነው።

ይህን በማትሪክስ ማድረግ አይመችም፤ የሁለት ዙረት ማትሪክሶች አማካይ ዙረት ሆኖ አይወጣም፤ ጭመቃ ይገባበታል። ኳተርኒየን ግን ለዚህ ይመቻል። ዊልያም ሮዋን ሃሚልተን በ1843 ያገኘው ሲሆን አንድን ዙረት በአራት ቁጥር ይገልጻል። ሁለቱን ደምሮ ርዝመቱን ወደ 1 መመለስ ንጹሕ ዙረት ይሰጣል። ሆኖም ኳተርኒየን የሚያውቀው ዙረትን ብቻ ነው፤ አጥንቱ የት ቦታ ላይ ሆኖ እንደዞረ አያውቅም። ክርንና አንጓ የተለያየ ቦታ ላይ ስለሆኑ ይህ ያስፈልገናል። ዊልያም ክሊፎርድ በ1873 ያቀረበው ሐሳብ እዚህ ይገባል። ሌላ አራት ቁጥር ይጨመራል፣ በድምሩ ስምንት፣ እነሱም ዙረትንና ቦታን በአንድ ላይ ይይዛሉ። ዱዋል ኳተርኒየን ይህ ነው። በ2007 ላዲስላቭ ካቫንና ሦስት የሥራ ባልደረቦቹ ይህን ለስኪኒንግ አዋሉት፦ የአጥንቶቹን ስምንት ስምንት ቁጥሮች በዌይታቸው አባዝቶ መደመር፣ ርዝመቱን ወደ 1 መመለስ፣ ነጥቡን በውጤቱ ማንቀሳቀስ። ከሊኒየሩ ብዙም አይከብድም።

በብሌንደር ይህን ለማብራት የ Armature ሞዲፋየር ውስጥ Preserve Volume የሚለውን መምረጥ ብቻ ነው። አንጓው ወዲያው ይሞላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም።

መጀመሪያ ክርኑን አጥፉና እዩት። ሊኒየሩ ስሌት ክርን ሲታጠፍ ውስጡን ይጨምቀዋል፣ ውጪውን ያሳጥረዋል። ዱዋል ኳተርኒየን ተቃራኒውን ያደርጋል። መገጣጠሚያው አካባቢ ያሉት ነጥቦች ርቀታቸውን ጠብቀው በክብ ስለሚሄዱ፣ የክርኑ ውጪ ክብ ሆኖ ያብጣል። ሹል መሆን የነበረበት ክርን እብጠት ያወጣበት ይመስላል። ጉልበትም እንዲሁ። መጠምዘዝ ላይ የጠቀመን ነገር መታጠፍ ላይ ጎዳን።

ሁለቱን ማደባለቅ ይቻላል። በብሌንደር ሁለት Armature ሞዲፋየር ይሰጣል። የመጀመሪያው Preserve Volume የሌለው ነው። ሁለተኛው Preserve Volume እና Multi Modifier የተመረጡለት ነው፣ Vertex Group ላይም አንጓና ክንድ ብቻ የተቀቡበት ቡድን ይገባለታል። ቡድኑ 1 በሆነበት ዱዋል ኳተርኒየን ይሠራል፣ 0 በሆነበት ሊኒየሩ ይሠራል፣ በመካከል ይደባለቃሉ። ማያ የሚባለውን ሌላ የስሪዲ ፕሮግራም የሚጠቀም ሰው ይህንኑ Weight Blended በሚለው ያገኘዋል።

ሁለተኛው ነገር የ180 ዲግሪ ድንበር ነው። ዱዋል ኳተርኒየን ሁልጊዜ በአጭሩ መንገድ ነው የሚዞረው። እጁ 170 ዲግሪ ሲዞር መሃሉ ያለው ቆዳ 85 ዲግሪ በዚያው አቅጣጫ ይሄዳል። እጁ 190 ሲደርስ ግን አጭሩ መንገድ በሌላ በኩል 170 ሆኗል፤ ቆዳው በአንድ ፍሬም ውስጥ ዘልሎ ወደ ተቃራኒው ጎን ይዞራል። አኒሜሽኑ ሲጫወት ድንገተኛ ብልጭታ ሆኖ ይታያል። ሰው እጁን ያን ያህል አያዞርም፣ ካርቱን ግን ያዞራል፤ መነሻ አቋሙ መጥፎ ከሆነ ደግሞ ተራ እንቅስቃሴም እዚያ ይደርሳል።

ሦስተኛ፣ ስምንቱ ቁጥሮች ዙረትንና ቦታን እንጂ መለጠጥን አይይዙም። ክንዷ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ገጸ ባሕርይ ከሆነች መለጠጡ ለብቻው መሰላት አለበት።

ደግሞ Preserve Volume ውፍረቱን ይጠብቃል እንጂ ጠመዘዛውን አያሰራጭም። ያለ ጠማዛዥ አጥንት ብታበሩት አንጓው ክብ ሆኖ ይቆያል፣ የእጅጌው ጥበብ ግን ያው በሁለት ጣት ስፋት ውስጥ እንደተወላገደ ነው። በእኔ እምነት ጠማዛዥ አጥንቶቹ ይቀድማሉ፤ ዱዋል ኳተርኒየን በእነሱ ላይ የሚጨመር ነው።

ሥራው ወዴት ይሄዳል?

ቪዲዮው እዚያው ብሌንደር ውስጥ ሬንደር የሚደረግ ከሆነ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ተጠቀሙ። በኮምፒውተራችሁ ያያችሁት ነው የሚወጣው።

ለስልክ ጌም ወይም ለዌብ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ፋይሉን glTF በሚባለው የስሪዲ ፋይል ዓይነት ስታወጡ አጥንቶቹ ይወጣሉ፣ ዌይቶቹም JOINTS_0 እና WEIGHTS_0 በሚባሉ መደቦች ለአንድ ነጥብ አራት አራት አጥንት ይዘው ይወጣሉ። Preserve Volume ግን አብሮ አይወጣም። በሌላ በኩል የሚቀበለው ፕሮግራም የሚያሰላው በሊኒየሩ ነው። ብሌንደር ውስጥ ሙሉ የነበረ አንጓ ስልኩ ላይ ተጨምቆ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ፋይሉ ተበላሽቶ አይደለም። ለጌም የሚሠራ ሰው Preserve Volumeን ከመጀመሪያው አጥፍቶ ቢሠራ ይሻላል፤ ችግሩን ገና በእጁ እያለ ያየዋል። ከማውጣቱ በፊትም Limit Total በ4 ብሎ ከአራት በላይ አጥንት የሚሰሙትን ነጥቦች ቢያስተካክል፣ ከዚያ Normalize All ቢል፣ ኢንጅኑ ራሱ ቆርጦ የሚጥለው ነገር አይኖርም።

ጠማዛዥ አጥንቶቹስ? ኮንስትሬይንት እንደ ኮንስትሬይንት አይወጣም። ሆኖም ብሌንደር አኒሜሽኑን በየፍሬሙ ለክቶ ሲያወጣ የጠማዛዦቹ ዙረት እንደ ተራ አኒሜሽን ተመዝግቦ አብሮ ይሄዳል። ቡና የመቅዳቱ እንቅስቃሴ አስቀድሞ የተሠራ ከሆነ በዚህ ያልቃል። ተጫዋቹ ራሱ ስኒውን እየመረጠ እጁ ወደዚያ እንዲዞር የሚደረግ ከሆነ ግን፣ እጁን የሚያዞረው ኢንጅኑ ነው፣ ጠማዛዦቹም የተመዘገበ ነገር ስለሌላቸው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ያኔ የእጁን ጠመዘዛ በየፍሬሙ አንብቦ ለሦስቱ አጥንቶች አንድ ሦስተኛ፣ ሁለት ሦስተኛና ሙሉውን የሚሰጥ አጭር ኮድ ኢንጅኑ ውስጥ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ኮዱም እጁ በዚያ ፍሬም ከተንቀሳቀሰ በኋላ መሥራት አለበት፣ ከቀደመ ክንዱ ከእጁ በአንድ ፍሬም ወደኋላ ይቀራል።